ተከታታይ የመቶኛ ለውጥ ለምን አይደመርም? ስለ አፕቲትዩድ ፈተና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአፕቲትዩድ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ሳስጠና ከሁሉም በላይ ነጥብ ሲያስጥል የማየው ስህተት ተከታታይ የመቶኛ ለውጦችን መደመር ነው። ከባድ ሒሳብ ስለሆነ አይደለም። ተፈታኙ ጥያቄውን አንብቦ ሁለቱን ቁጥሮች ይደምራል፤ የደመረው መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ይገኛል፤ አክብቦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ቤቱ ሲገባም ያንን ጥያቄ በትክክል ከሠራቸው ውስጥ ይቆጥረዋል። ከታች ያሉት በጥናቱ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ከቀነሰ ለምን ወደ ነበረበት አይመለስም?

ሁለቱ «20 በመቶ» የተለያየ ነገር 20 በመቶ ስለሆኑ ነው። ከ100 እንነሳ። 20 በመቶ ሲጨምር 120 ይሆናል፤ የተጨመረው የ100 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 20 ነው። ቀጥሎ 20 በመቶ ሲቀንስ ግን የሚቀነሰው ከ120 ላይ ነው፤ የ120 ሃያ በመቶ ደግሞ 24 ነው። 120 ሲቀነስ 24፣ 96 ይቀራል። 20 ገብቶ 24 ወጣ፤ ስለዚህ በጠቅላላው 4 በመቶ ቀንሷል።

መቶኛ ብቻውን ቁጥር አይደለም፤ ሁልጊዜ «የምን?» የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል። ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ እዚህ ላይ «መነሻ» እንበለው። ሁለት መቶኛዎች ሊደመሩ የሚችሉት መነሻቸው አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ተከታታይ ለውጥ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ለውጥ የሁለተኛውን መነሻ አስቀድሞ ቀይሮታል።

የመደመርን ስህተት ግልጥልጥ አድርጎ የሚያሳየው ትልልቅ ቁጥር ነው። አንድ ዕቃ 60 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት በቀረው ዋጋ ላይ ሌላ 40 በመቶ ቅናሽ ቢደረግ፣ በመደመር ስሌት ዕቃው በነፃ ይሰጣል ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ የለም። ከ60 በመቶው በኋላ የቀረው 40 ነው፤ የ40 አርባ በመቶ 16 ነው፤ ገዢው 24 ይከፍላል። ጠቅላላ ቅናሹም 76 በመቶ እንጂ 100 በመቶ አይደለም።

ታዲያ ትክክለኛው አሠራር ምንድን ነው?

እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ማባዣ መቀየር፣ ከዚያ ማባዣዎቹን እርስ በርስ ማባዛት ነው። 20 በመቶ ጭማሪ ማለት በ1.2 ማባዛት ነው። 30 በመቶ ቅናሽ ማለት በ0.7 ማባዛት ነው፤ 30 ሲሄድ 70 ይቀራልና። 1.2 × 0.7 = 0.84 ይሆናል። ከ1 በታች ስለሆነ ቅናሽ ነው፤ ከ1 የጎደለው 0.16 ስለሆነም ቅናሹ 16 በመቶ ነው። የደመረ ሰው 10 በመቶ ቅናሽ ብሎ ነበር።

ለውጡ ሦስትም ሆነ አምስት ጊዜ ቢሆን አሠራሩ ያው ነው፤ አንድ ማባዣ ብቻ ይጨመራል። 10 በመቶ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢጨምር 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.331 ነው፤ 33.1 በመቶ ጭማሪ።

የፈተና አውጪው ወጥመድ በእውነተኛ ጥያቄ ላይ ምን ይመስላል?

አንዱን እስከ መጨረሻው እንሥራ።

«የአንድ ቤተ መጻሕፍት ዓመታዊ የአንባቢ ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት 20 በመቶ ጨመረ። በሁለተኛው ዓመት 30 በመቶ ቀነሰና 6,300 ሆነ። ከሁለቱ ለውጦች በፊት የነበረው ቁጥር ስንት ነው?

ሀ) 6,552  ለ) 6,930  ሐ) 7,000  መ) 7,500»

ከምርጫዎቹ ውስጥ በዘፈቀደ የተቀመጠ የለም። ሦስቱ የተሳሳቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ ስህተቶች የሚያደርሱባቸው ቦታዎች ናቸው።

«ሐ»ን የሚመርጠው የሚደምረው ሰው ነው። 20 ሲጨመር 30 ሲቀነስ 10 በመቶ ቅናሽ ነው ይላል፤ 6,300ን ለ0.9 ያካፍላል፤ 7,000 ያገኛል። ቁጥሩ ድፍን ነው፣ ያምራል፣ ጥርጣሬ አይፈጥርም። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

«ለ»ን የሚመርጠው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። እሱም 10 በመቶ ቅናሽ ብሎ ይነሳል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ግን በ6,300 ላይ 10 በመቶ ይጨምራል፤ 6,930። የቀነሰውን ለመመለስ ያንኑ መቶኛ መጨመር እንደማይበቃ በመጀመሪያው ጥያቄ አይተናል።

«ሀ» የሚያሳዝነው ነው። ይህ ሰው መደመር እንደሌለበት ያውቃል፤ ለውጦቹን አንድ በአንድ ለመቀልበስም ይሞክራል። 30 በመቶ ቀንሶ ነበርና በ1.3 አባዛለሁ፣ 20 በመቶ ጨምሮ ነበርና በ0.8 አባዛለሁ ይላል። 6,300 × 1.3 × 0.8 = 6,552። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መቀልበሻው ግን ማካፈል መሆን ነበረበት። በ0.7 የተባዛ ነገር የሚመለሰው ለ0.7 ሲካፈል ነው እንጂ በ1.3 ሲባዛ አይደለም።

ትክክለኛው «መ» ነው። ሁለቱ ማባዣዎች 1.2 × 0.7 = 0.84፤ 6,300 ÷ 0.84 = 7,500። ማረጋገጥ ደግሞ ከመሥራት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ምርጫውን ይዞ ወደ ፊት መሄድ ነው። 7,500 በ20 በመቶ ሲጨምር 9,000፤ 9,000 በ30 በመቶ ሲቀንስ 6,300። ደርሷል። 7,000ን ብንሞክር ግን መጀመሪያ 8,400፣ ቀጥሎ 5,880 ይሰጣል። ሦስቱም የተሳሳቱ ምርጫዎች በዚህ ማጣሪያ አያልፉም።

መነሻውን የሚጠይቅ የምርጫ ጥያቄ ሲገጥመኝ ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከምርጫዎቹ ነው። ለመባዛት ከሚመቸው እነሳና ጥያቄውን በተጻፈበት ቅደም ተከተል እጓዛለሁ። ወደ ኋላ ከማካፈል ወደ ፊት መሄድ ለአእምሮ ይቀላል።

ማባዛት ጊዜ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም?

ለሁለት ለውጦች አለ። የመጀመሪያው ለውጥ ሀ በመቶ፣ ሁለተኛው ለ በመቶ ከሆኑ ጠቅላላ ለውጡ እንዲህ ይገኛል፦

ሀ + ለ + (ሀ × ለ ÷ 100)

ቅናሽ የሆነው ለውጥ የመቀነስ ምልክት ይይዛል። ለ20 ጭማሪና ለ30 ቅናሽ፦ 20 − 30 − (600 ÷ 100) = −16። ከላይ ካገኘነው ጋር አንድ ነው።

ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ የመጨረሻውን ቁራጭ ምንነት መረዳት ይሻላል። የደመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይዞ ሦስተኛውን ረስቷል፤ ያ ቁራጭ «በለውጡ ላይ የመጣው ለውጥ» ነው። መጀመሪያ የተጨመሩት 20ዎቹ ራሳቸው በሁለተኛው ዓመት 30 በመቶ ተቀንሶባቸዋል፤ የ20 ሠላሳ በመቶ 6 ነው። ጎድሎ የነበረው እሱ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ሳያሰላም ምርጫ መሰረዝ ይችላል። አንዱ ጭማሪ ሌላው ቅናሽ ከሆነ፣ ትክክለኛው ውጤት ሁልጊዜ ከደመሩት በታች ነው። ሁለቱም ጭማሪ ከሆኑ ከደመሩት ይበልጣል። ሁለቱም ቅናሽ ከሆኑ ደግሞ ጠቅላላ ቅናሹ ከደመሩት ያንሳል፤ ቅድም 60 እና 40 ተደምረው 100 ሳይሆን 76 እንደሆኑት።

ለሦስት ለውጥ ቀመሩን በአንድ ጊዜ መጠቀም አይቻልም። ሁለቱን አዋህዶ፣ የተገኘውን ከሦስተኛው ጋር እንደገና ማዋሃድ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ማባዣው ይሻላል።

ካልኩሌተር በሌለበት 1.25 × 0.8 × 1.125 ማን ያባዛል?

ማንም። በክፍልፋይ ይሠራል። 25 በመቶ አንድ አራተኛ ነው፤ ስለዚህ 25 በመቶ ጭማሪ 5/4 ነው። 20 በመቶ ቅናሽ 4/5 ነው። 12.5 በመቶ አንድ ስምንተኛ ስለሆነ ጭማሪው 9/8 ነው። 5/4 እና 4/5 ተጣፍተው 1 ይሆናሉ፤ የቀረው 9/8 ነው። መልሱ 12.5 በመቶ ጭማሪ፣ አንድም ብዜት ሳይሠራ።

አውጪዎች እንዲህ የሚጣፉ ቁጥሮችን ይወዳሉ። 60 በመቶ ጭማሪ (8/5) ከ37.5 በመቶ ቅናሽ (5/8) ጋር ሲገናኝ ምንም ለውጥ አይኖርም፤ የደመረ ሰው 22.5 በመቶ ጭማሪ ይላል። እንግዳ የሚመስል መቶኛ፣ ለምሳሌ 37.5 ወይም 16⅔፣ ባዩ ቁጥር ወደ ክፍልፋይ ለመቀየር ይሞክሩ። የተመረጠው ለዚያ ነው።

20 በመቶ የቀነሰን ነገር ለመመለስ ስንት በመቶ መጨመር አለበት?

25። ከ100 ወደ 80 ወርዷል፤ የጎደለው 20 የ80 አንድ አራተኛ ነው። በክፍልፋይ ካሰቡት ማስታወስ አያስፈልግም፦ አንድ አምስተኛ ከወረደ በቀረው ላይ አንድ አራተኛ ይጨመራል። አንድ አራተኛ ከወረደ አንድ ሦስተኛ። አንድ ሁለተኛ ከወረደ እጥፍ። የክፍልፋዩ ታችኛው ቁጥር ሁልጊዜ በአንድ ያንሳል።

«ዋጋው 25 በመቶ ቢጨምር፣ ወጪው እንዳይለወጥ ፍጆታው በስንት በመቶ መቀነስ አለበት?» የሚለው የታወቀ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከተቃራኒው አቅጣጫ ብቻ። አንድ አራተኛ ከወጣ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ 20 በመቶ።

መደመር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ነው?

አለ፤ ይህን አለማወቅም ያሳስታል። ከላይ ያለውን ተምሮ ሁሉንም ማባዛት የጀመረ ሰው አጋጥሞኛል። ሁለቱ መቶኛዎች ከአንድ መነሻ ከተወሰዱ ይደመራሉ። «ሠራተኛው የመነሻ ደመወዙ 10 በመቶ ለትራንስፖርት፣ የመነሻ ደመወዙ 15 በመቶ ለቤት አበል ይታሰብለታል» ከተባለ ጭማሪው 25 በመቶ ነው፤ ሁለቱም የሚታሰቡት በአንድ ደመወዝ ላይ ነው። «ደመወዙ 10 በመቶ ተጨመረለት፤ በዓመቱ እንደገና 15 በመቶ ተጨመረለት» ከተባለ ግን 1.1 × 1.15 = 1.265፣ ማለትም 26.5 በመቶ ነው።

ልዩነቱ ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ነው። «በመጀመሪያው ዋጋ ላይ»፣ «ከጠቅላላው»፣ «ከመነሻው» የሚሉ ቃላት መነሻውን ይቸክሉታል። «ከዚያ»፣ «በቀጣዩ ዓመት»፣ «እንደገና»፣ «ከቀሪው» የሚሉት ደግሞ መነሻው እንደተንቀሳቀሰ ይነግሩዎታል። «ከቀሪው» በተለይ ሲነበብ የሚዘለል ቃል ነው። ተማሪዎቼን ከስሌት በፊት እያንዳንዱን መቶኛ አስምረው ከላዩ ላይ «የምን?» ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ሲጀምሩ ይሰለቻቸዋል።

ጥያቄው መቶኛንና ሬሾን ሲቀላቅል ምን ላድርግ?

ሬሾ ወይም ንጥጥር ሲመጣ የመደመሩ ስህተት ይደበቃል፤ ለመያዝም ይከብዳል። ይህን ተመልከቱ።

«የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ ሬሾ 5፡4 ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ 20 በመቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ 10 በመቶ ተጨመረለት። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ 30 በመቶ ተጨመረለት። አዲሱ ሬሾ ስንት ነው?»

የሚደምር ሰው ሁለቱም 30 በመቶ ስላገኙ ሬሾው አልተለወጠም፣ 5፡4 ነው ይላል። አነጋገሩም አሳማኝ ነው፤ ሁለቱ በእኩል መቶኛ ቢጨምሩ በእርግጥም ሬሾ አይለወጥምና። ስህተቱ «እኩል» የሚለው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ ማባዣ 1.2 × 1.1 = 1.32 ነው፤ የሁለተኛው 1.3። ስለዚህ 5 × 1.32 = 6.6፣ 4 × 1.3 = 5.2። 6.6፡5.2 ሁለቱም ለ0.2 ሲካፈሉ 33፡26 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ደመወዙን በገንዘብ ማወቅ እንዳላስፈለገን ልብ ይበሉ። የሬሾ ቁጥሮች ክፍሎች ናቸው፤ ማባዣው በቀጥታ በክፍሎቹ ላይ ይሠራል። መቶኛውን ራሱን በክፍሉ ላይ መደመር ግን አይቻልም። 5 ላይ 20 በመቶ መጨመር 5.2 ወይም 25 አያደርገውም፤ 6 ነው የሚያደርገው። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም በችኮላ ሰዓት ይህም ይጻፋል።

ወንዶችና ሴቶች በተለያየ መቶኛ ከጨመሩ ጠቅላላው በስንት ይጨምራል?

ይህ ተከታታይ ለውጥ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ በሁለት ክፍሎች ላይ የመጣ ለውጥ ነው። ስለዚህ መቶኛዎቹ አይደመሩም፣ አይባዙምም። ሬሾው 3፡2 ሆኖ ወንዶች 10 በመቶ፣ ሴቶች 20 በመቶ ጨመሩ እንበል። 3 ክፍል 3.3 ይሆናል፤ 2 ክፍል 2.4 ይሆናል። 5 የነበረው ጠቅላላ 5.7 ሆነ፤ ጭማሪው 0.7 ከ5፣ ማለትም 14 በመቶ ነው። 30 ያለ ደምሯል። 15 ያለ አማካይ ወስዷል፤ እሱ ትንሽ ቀረብ ብሏል፣ ግን ወንዶች እንደሚበዙ ረስቷል። ጠቅላላው ወደሚበዛው ክፍል መቶኛ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መልሱ ከ15 በታች፣ ወደ 10 ጠጋ ያለ መሆን ነበረበት።

«በሁለት ዓመት 44 በመቶ አደገ፤ በየዓመቱ በእኩል መቶኛ» ቢባል በዓመት 22 አይደለም?

አይደለም፤ 20 ነው። የምንፈልገው በራሱ ሲባዛ 1.44 የሚሆን ማባዣ ነው፤ 1.2 ነው። 22 ቢሆን ኖሮ 1.22 × 1.22 = 1.4884 ነበር። ለሁለት ማካፈል መደመርን ወደ ኋላ መሥራት ነው፤ ስለዚህ ስህተቱም ያው ነው።

የጎደለ ለውጥ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። «40 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያ በሆነ መቶኛ ቀነሰና በጠቅላላው 12 በመቶ ጭማሪ ሆነ» ቢባል፣ 40 ሲቀነስ 12፣ 28 ማለት ቶሎ ወደ አእምሮ ይመጣል። ትክክለኛው 1.12 ÷ 1.4 = 0.8፣ ስለዚህ ቅናሹ 20 በመቶ ነው።

ድርሻው ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ቢያድግ ጭማሪው 10 በመቶ ነው ወይስ 25?

ሁለቱም ይባላል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመቶኛ ነጥብ 10 ነጥብ ጨምሯል። በመቶኛ ግን 10 የ40 አንድ አራተኛ ስለሆነ 25 በመቶ ጨምሯል። ቀጥሎ ወደ 45 በመቶ ቢወርድ፣ በነጥብ 5 ወርዷል፤ በመቶኛ ደግሞ 10 በመቶ ቀንሷል፣ 5 የ50 አንድ አሥረኛ ነውና።

ነጥቦች ይደመራሉ። 10 ሲቀነስ 5፣ 5 ነጥብ ጭማሪ፤ ከ40 ወደ 45። መቶኛዎቹ ግን ይባዛሉ፤ 1.25 × 0.9 = 1.125፤ 45 ደግሞ ከ40 በ12.5 በመቶ ይበልጣል። በጥያቄው ውስጥ «የመቶኛ ነጥብ» የሚል ከሌለና «በስንት በመቶ ጨመረ» ከተባለ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

የለውጦቹ ቅደም ተከተል መልሱን ይለውጣል?

ሁሉም መቶኛ ከሆኑ አይለውጥም። 1.2 × 0.7 ከ0.7 × 1.2 ጋር አንድ ነው። በመካከል ቁርጥ ያለ ቁጥር ከገባ ግን ይለውጣል። 500 በ10 በመቶ ጨምሮ 50 ቢቀነስለት 500 ይሆናል። መጀመሪያ 50 ተቀንሶ ከዚያ 10 በመቶ ቢጨምር ግን 450 × 1.1 = 495። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ጠቅላላ ማባዣ አይፈታም፤ በተጻፈበት ተራ አንድ በአንድ መሄድ ግድ ነው። መነሻው ከተጠየቀም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፦ በመጀመሪያው ታሪክ 500 ላይ 50 ይጨመርና ለ1.1 ይካፈላል፤ በሁለተኛው 495 ለ1.1 ይካፈልና 50 ይጨመራል።